ከትርጉሙ በፊት የገባ ስህተት

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በመተማና በኩርሙክ በኩል ድንበር ተሻግረው ኢትዮጵያ ከገቡት ሰዎች ብዙዎቹ የሚግባቡት በዓረብኛ ነው። ለእነርሱ የሚሆን የጤና መልእክት በአስቸኳይ ሲፈለግ ደግሞ በቅርብ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የአማርኛ ፖስተር ነው። ፖስተሩ ያለቀለት፣ የታተመ ነገር ነው፤ የተተየበበት ፋይል ግን ማን ዘንድ እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ በስልክ ፎቶ ይነሣል፣ ጽሑፉ ከፎቶው ላይ በሶፍትዌር ተለቅሞ ይወጣል፣ የወጣው ጽሑፍ በኢሜይል ለተርጓሚ ይላካል። ተርጓሚው ፖስተሩን በዓይኑ ሳያየው ሥራውን ጨርሶ ይመልሳል።

የመጣውን ዓረብኛ ማን ይመርምረው? የላከው ክፍል ዓረብኛ የሚያነብ ሰው ከሌለው፣ የተለመደው ዘዴ ትርጉሙን ወደ መጣበት ቋንቋ ማስመለስ ነው። ዋናውን አማርኛ ያላየ ሁለተኛ ተርጓሚ ዓረብኛውን ብቻ ተቀብሎ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ከዚያ ዓረብኛ የማያውቀው አራሚም ሁለት የአማርኛ ጽሑፎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ይችላል። ዘዴውን ሥርዓት አስይዞ በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሪቻርድ ብሪስሊን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ጽሑፍ እስካሁን ይጠቀሳል። የእርሱ ጉዳይ በተለያዩ ባህሎች መካከል ለሚደረግ ጥናት የሚዘጋጅ መጠይቅ ነበር። መጠይቅ ደግሞ ሲጀመርም የተተየበ ጽሑፍ ነው፤ ዋናው ቅጂ ምን እንደሚል የሚያከራክር ነገር የለም።

ፎቶ ሲገባበት ግን ነገሩ ይለወጣል። አሁን “ዋናው” የሚባሉት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ግድግዳ ላይ ያለው፣ ሌላው ሶፍትዌሩ “እንዲህ ይላል” ብሎ ያወጣው። አራሚው የትኛውን እንደያዘ ካላስተዋለ፣ ተመላሹ ትርጉም ፍጹም ተስማምቶ እያለ ፖስተሩ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ይህን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ተቅማጥ ለያዘው ሰው በቤት ውስጥ ስለሚዘጋጅ ፈሳሽ የሚናገር ፖስተር አለ እንበል። የኦአርኤስ ፓኬት በማይገኝበት ጊዜ የሚመከረው ቅልቅል የታወቀ ነው፤ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል። ፖስተሩ ላይ የሚነበበው እንዲህ ነው።

1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ
6 የሻይ ማንኪያ ስኳር
½ የሻይ ማንኪያ ጨው
ለሕፃናት ጡት ማጥባት
አይቋረጥ።

ከሥሩ ደግሞ ቀይ ሣጥን አለ፤ ውስጡ በነጭ ፊደል “24 ሰዓት ያለፈው ፈሳሽ ይደፋ” ይላል። ፖስተሩ ግድግዳው ላይ ከርሟል፤ የግራ ጠርዙ በፕላስተር ተይዟል፣ ፎቶውም ከጎን ነው የተነሣው። ሶፍትዌሩ ያወጣው ጽሑፍ ይህ ነው እንበል።

1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ
6 የሻይ ማንኪያ ስካር
1 የሻይ ማንኪያ ጨው
ለሕፃናት ጡት ማጥባት
ይቋረጥ።

ቀዩ ሣጥን የለም። “ስኳር” ስካር ሆኗል፤ “ኳ” ከ“ካ” የሚለይባት ትንሽ ምልክት ደብዝዛለች። የግማሽ ምልክቱ የታችኛው ቁጥር በጣም ትንሽ ስለሆነ ሶፍትዌሩ ከላይ ያለውን 1 ብቻ ይዞ ሄዷል። “አይቋረጥ” ደግሞ የመጀመሪያ ፊደሉ ፕላስተሩ ሥር ቀርቶ ትእዛዙ ተገልብጧል። አማርኛ አሉታን በአንዲት ፊደል የሚያንጠለጥል ቋንቋ ስለሆነ የዚያች ፊደል መጥፋት የሚተወው ክፍተት የለም። “ይቋረጥ” ምንም ያልጎደለው፣ ጤናማ ቃል ነው።

ተርጓሚው ይህን ተቀብሎ በንጹሕ ዓረብኛ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው ተርጓሚ ሲመልሰው “አንድ ሊትር የተፈላና የቀዘቀዘ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ሕፃናትን ጡት ማጥባት መቆም አለበት” ይላል። አራሚው ይህን ሶፍትዌሩ ካወጣው ጽሑፍ ጋር ሲያመሳክር ጨው በጨው፣ ማቋረጥ በማቆም ይገጥምለታል፤ ያልገጠመው ስኳሩ ብቻ ነው። እሱንም “የፊደል ግድፈት ነበር፣ ተርጓሚው አስተካክሎታል” ብሎ ያልፈዋል። ፊርማ፣ ማኅተም፣ ኅትመት። ለሕፃን የሚሰጠው ፈሳሽ የጨው መጠኑ እጥፍ ሆኗል፤ ከመጠን በላይ ጨው ያለበት ፈሳሽ ደግሞ ተቅማጥ ላደከመው ሕፃን ጎጂ ነው። የጡቱ ነገር ይብሳል። ልጅ ሲያስቀምጠው ምግብና ጡት ይቀነስለት የሚል አስተሳሰብ በየአገሩ ስላለ፣ የተሳሳተው ትእዛዝ ለብዙ አንባቢ እንግዳ አይመስልም። እውነት የሚመስል ስህተት ማንንም ቆም አያደርግም።

የስኳሩ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት፤ ምክንያቱም የተመላሽ ትርጉምን አንድ ድክመት አጉልቶ ያሳያል። ዓረብኛ በዕለት ተዕለት ጽሑፍ አጫጭር አናባቢዎችን አይጽፍም። ስኳር “ሱከር” ነው፤ ስካር “ሱክር” ነው፤ ሁለቱም ያለ አናባቢ ሲጻፉ ሲን፣ ካፍና ራ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ተርጓሚ ያየውን ቃል በቃል ወስዶ ስካር ብሎ ቢጽፈው እንኳ፣ ሁለተኛው ከሻይ ማንኪያ አጠገብ ሲያገኘው ስኳር ብሎ ያነበዋል። ስህተቱ ገብቶ፣ መንገዱን ሁሉ ተጉዞ፣ ማንም ሳይነካው ዳነ። እዚህ ላይ በአጋጣሚ በጀ። ነገር ግን ያንኑ ፋይል ሌላ ሰው ለሌላ ሥራ ቢጠቀምበት ስካሩ እዚያው አለ። ሁለተኛው ተርጓሚ ደግ አንባቢ ነው፤ የተበላሸውን በልቡ እያቃና ያነባል። ለምርመራ ግን ደግነቱ አይጠቅምም። ከሥራው በፊት “እንግዳ የሆነብህን ነገር እንዳለ፣ እንግዳ አድርገህ መልሰው፤ ካጠራጠረህ ምልክት አድርግበት” ሊባል የሚገባው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ለውጥ ቀላል ነው። ተመላሹ ትርጉም መመሳከር ያለበት ከፎቶው ጋር እንጂ ከወጣው ጽሑፍ ጋር አይደለም። አራሚው ፎቶውን አጉልቶ ስክሪኑ ላይ ይከፍታል፤ ተመላሹን ትርጉም በጎኑ ያስቀምጣል፤ የወጣውን ጽሑፍ ለጊዜው ይዘጋዋል። መዝጋቱ ያስፈልጋል፤ የተተየበ ጽሑፍ ለዓይን ስለሚቀል ሁለቱ ከተከፈቱ ሰው ሳያውቀው ወደ ተተየበው ያዘነብላል። ከዚያ ፎቶውን መስመር በመስመር እየቆጠረ ይሄዳል። የእኛ ፖስተር ሣጥኑን ጨምሮ ስድስት መስመር አለው፤ ተመላሹ ሲቆጠር ስድስተኛው ይታጣል። የጠፋ መስመር በሌላ በምንም አይገኝም። ከማይዛመድ ቃል ይልቅ ዝምታ ለማየት ይከብዳል፤ ባለቀለም መደብ ላይ በነጭ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሶፍትዌሮች ከሚዘሏቸው ነገሮች ዋነኛው ነው። ዲዛይነሩ ጎልቶ እንዲታይ ብሎ የለፋበት መስመር ቀድሞ ይጠፋል ማለት ነው።

ልዩነት ሲገኝ የሚቀጥለው ጥያቄ “ይህ ከየት መጣ?” የሚል ነው። ያን ጊዜ የወጣው ጽሑፍ ይከፈታል። የወጣው ጽሑፍ ከፎቶው ተለይቶ ከተመላሹ ጋር ከተስማማ፣ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው፤ ተርጓሚዎቹ የተሰጣቸውን በታማኝነት ሠርተዋል። የወጣው ጽሑፍ ከፎቶው ጋር ከተስማማ ደግሞ ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፤ ጥፋቱ ከሁለቱ ተርጓሚዎች በአንዱ ላይ ነውና ያንን ለመለየት ዓረብኛውን የሚያነብ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ማጣራት ሰውን ከማስቀየምም ያድናል። “ጡት ማጥባት ይቁም ብለህ እንዴት ትተረጉማለህ?” የሚል ኢሜይል ምንም ያላጠፋ ተርጓሚ ጋ ሲደርስ፣ የሚቀጥለውን ሥራ ላይቀበል ይችላል።

ፋይሉን ከመክፈትም በፊት ግን ልምድ ያለው አራሚ የስህተቱን ዘር በጠባዩ ይገምታል። ሰው ሲሳሳት በትርጉም ወደሚቀራረብ ነገር ይሳሳታል፤ “ትኩሳት”ን “ሙቀት”፣ “ነርስ”ን “ሐኪም” ይላል። ሶፍትዌር ሲሳሳት ግን ትርጉሙ ሳይገደው በመልክ ወደሚመሳሰል ነገር ይሄዳል። የመጠለያው መጸዳጃ በር ላይ “የሴት” ተብሎ የተጻፈው በተመላሹ “የቤት መጸዳጃ” ሆኖ ከመጣ፣ ሴትና ቤት በሐሳብ የሚያገናኛቸው የለም፤ “ሴ”ና “ቤ” ግን ቀለሙ በተላላጠ ጽሑፍ ላይ እጅግ ይመሳሰላሉ። እንዲህ ሲሆን አራሚው ተመላሹን ቃል በአማርኛ ፊደል ጽፎ ከፎቶው ቃል ጋር ያስተያያል። ልዩነቱ አንድ እግር፣ አንድ ቀለበት ወይም የጫፍ መታጠፍ ብቻ ከሆነ ምንጩ ፎቶው ነው። “ለ”ና “ሰ”፣ “ኘ”ና “ፕ”፣ እንዲሁም ከግዕዝ ወደ ራብዕ የሚወስዱት ጥቃቅን የእግር ለውጦች ተጠርጣሪዎቹ ናቸው። ቦታውም ይናገራል። ስህተቱ ያለው መስመር መጀመሪያ ላይ፣ እጥፋት ላይ፣ ማኅተም ሥር ወይም ብርሃን በተንጸባረቀበት ጥግ ከሆነ ተርጓሚውን መጠርጠር አያስፈልግም።

አንዳንድ ሶፍትዌሮች የራሳቸውን ጥርጣሬ ጽፈው ያወጣሉ። በነጻ የሚገኘውና አማርኛን የሚያነበው ቴሰራክት በዚህ ትእዛዝ ሲሠራ፣

```
tesseract poster.jpg poster -l amh tsv
```

ከእያንዳንዱ ቃል ጋር `conf` በሚል ዓምድ ሥር እስከ 100 የሚደርስ የእርግጠኝነት ቁጥር ይሰጣል። ዝቅተኛ ቁጥር ያገኙትን ቃላት ብቻ ለይቶ ከፎቶው ጋር ማየት ጥሩ ጅምር ነው፤ “ስካር” ምናልባት በዚህ ይያዛል። “ይቋረጥ” ግን አይያዝም። ሶፍትዌሩ ያያቸው ፊደላት ጥርት ያሉ ናቸውና ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ፕላስተሩ ሥር ለቀረችው “አ” የሚሰጠው ቁጥር የለም፣ መኖሯንም አያውቅም። የቀይ ሣጥኑም ነገር እንደዚያው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በደንብ ያልታየውን ያመለክታል፤ ጭራሽ ያልታየውን አያመለክትም።

ምርመራው ራሱ ስህተት የሚፈጥርበት ጊዜም አለ። ዓረብኛው ፖስተር ታትሞ ካለቀ በኋላ ለሁለተኛው ተርጓሚ ፎቶው ከተላከለትና እርሱም በተራው ጽሑፉን በሶፍትዌር ካወጣው፣ ሁለተኛ ንባብ ገባ ማለት ነው። በሱዳንና በአካባቢው ባሉ የዓረብ አገሮች በሰፊው የሚጻፉት ቁጥሮች እኛ ከለመድናቸው ይለያሉ፤ አምስት ትንሽ ክብ ነው፣ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ብቻ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሰጠው የሚል መስመር ቢኖር፣ 50 የሚጻፈው በአንድ ክብና በአንዲት ነጥብ ነው። ነጥቧን ሶፍትዌሩ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ከጣላት ተመላሹ “ከ5 እስከ 100” ብሎ ይመጣል። የዝንብ ጠብታ ካለ ደግሞ በተቃራኒው ዜሮ ይጨመራል። እዚህ ዓረብኛው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መርማሪው ነው። መድኃኒቱ ለሁለተኛው ተርጓሚ የተተየበውን ዓረብኛ መስጠት ነው። የታተመውን ፖስተር ከተተየበው ጋር ማስተያየት ግን የግድ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ በሚጻፍ ቋንቋ መሐል የገቡ የስልክ ቁጥሮች ሰረዝ ካለባቸው ቁርጥራጮቻቸው ቦታ ሊቀያየሩ ይችላሉ፣ ይህ ደግሞ በተመላሹ ትርጉም ላይ ጨርሶ አይታይም።

ይህን ሁሉ ያወቀ አራሚ ሁሉንም ነገር በሶፍትዌሩ ላይ ማላከክ ይጀምር ይሆናል። የሰዓቱ ጉዳይ ያንን ይከለክላል። ፖስተሩ ግርጌ ላይ “ክትባት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ” ተብሎ ከተጻፈ ሶፍትዌሩ በትክክል ያነበዋል። ተርጓሚው ቃል በቃል ዓረብኛ ካደረገው ግን ለሱዳናዊ አንባቢ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ መባል የነበረበት ስምንት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ተርጓሚም ኢትዮጵያዊ ከሆነ ቃል በቃል ይመልሰዋል፤ ተመላሹ “ከጠዋቱ 2 ሰዓት” ብሎ ከፎቶው ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። ፎቶው ትክክል፣ የወጣው ጽሑፍ ትክክል፣ ተመላሹ ትክክል፣ ሰዎቹ ግን በሌሊት ይሰለፋሉ። ሰዓትና ቀን ያለበት መስመር ሁሉ ዓረብኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ፊት ቀርቦ “መቼ ትሄዳለህ?” ተብሎ ቢጠየቅ ይሻላል፤ የስደተኞቹ መጠለያ ውስጥ ደግሞ የሚጠየቅ ሰው አይጠፋም።

ስህተቱ ከተገኘ በኋላ የት እንደሚታረምም ነገር አለው። የሚቀናው ለዓረብኛ ተርጓሚው ደውሎ “ያቺን ዓረፍተ ነገር ቀይራት” ማለት ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን አንድ የንባብ ስህተት የተገኘበት ፎቶ ሌላም መደበቁ የማይቀር ነው፤ ፕላስተሩ “አ”ን ከሸፈነ ከላይና ከታች ያሉት መስመሮችም መጀመሪያቸው መታየት አለበት። ፎቶው ፊት ለፊት፣ ጥላ በሌለበት እንደገና ይነሣል፤ ፕላስተሩ ይላጣል፤ ቀዩ ሣጥን ለብቻው ተቆርጦ ይነበባል ወይም፣ አራት አምስት ቃል ነውና፣ በእጅ ይተየባል። እርማቱም መጀመሪያ የሚገባው ከፎቶው በወጣው የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ነው። ያ ጽሑፍ ከዓረብኛ በኋላ ሌላ ቦታም ይሄዳል፤ ጋምቤላ ላሉት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ወደ ኑዌር፣ ሶማሌ ክልል ወዳሉት መጠለያዎች ወደ ሶማልኛ። ዓረብኛው ብቻ ከታረመ ለኑዌሩ ተርጓሚ የሚላከው ፋይል አሁንም “ጡት ማጥባት ይቋረጥ” ይላል።